የተዘበራረቀ የስብሰባ ማስታወሻን በሰዓት ወደ ተከፋፈለ አጀንዳ መለወጥ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የቤት ባለቤቶች ማህበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ 80 አባወራ ነን። እሑድ ጠቅላላ ጉባዔ አለን፣ አዳራሹ የተፈቀደልን ከጠዋቱ 4:00 እስከ 6:00 ብቻ ነው። እጄ ላይ ያለው የሰብሳቢው ደብተር፣ የገንዘብ ያዧ ብጣሽ ወረቀትና የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው፤ ፓምፕ፣ ሮቶ፣ ጥበቃ፣ ሒሳብ፣ ምርጫ፣ ቆሻሻ፣ ያልከፈሉ ሰዎች፣ የደረጃ መብራት፣ የልጆች ኳስ፣ ሁሉም ተደበላልቋል። ባለፈው ውኃው ላይ ብቻ ስንከራከር ሰዓቱ አልቆ ተበተንን። ርዕስ፣ አቅራቢና ደቂቃ ያለው አጀንዳ እንዴት ላውጣ?

ምላሽ፦ ማስታወሻውን ገና ከመነሻው በርዕስ አያቧድኑ። ባለፈው ስብሰባችሁን የበላው ይኸው ይመስለኛል። «ውኃ» የሚል ርዕስ ሲቀመጥ ፓምፑ የሚያሳስበውም፣ ሮቶው የሚያፈስበትም፣ ሌሊት ቫልቭ ማን ይክፈት የሚለውም በአንድ ጊዜ እጁን ያወጣል። ሁሉም ስለ ውኃ ስለሚናገሩ ሰብሳቢው «ከርዕስ ወጥተዋል» ማለት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ መቆራረጥ፣ ቀጥሎ መመዘን፣ ከዚያ ነው መደርደር።

ለመቆራረጡ ኤ4 ወረቀቶችን ለአራት ለአራት ቅደዱና በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፉ። የድምፅ መልእክቶቹን ቁጭ ብለው አድምጠው ማውጣት ግድ ነው፤ የአራት ደቂቃ መልእክት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለው ማግኘት የተለመደ ነው። በቁራጩ ላይ ሦስት ነገር ይስፈር፦ ጉዳዩ በአጭሩ፣ ያነሳው ሰው፣ ጉዳዩን በደንብ የሚያውቀው ሰው። ያነሳውና የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ አቅራቢ ሲመርጡ ይህ ይጠቅማችኋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ሰጥታችሁ ያንኑ ቁጥር በደብተሩም ከመልእክቱም ጎን አስቀምጡ። «የእኔ ነገር የት ገባ?» የሚል ሰው ሲመጣ በቁጥሩ ታሳዩታላችሁ።

መመዘኛው አንድ ነው፣ ግን ሳይቸኩሉ ይሥሩት። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ ስብሰባው ካለቀ በኋላ በቃለ ጉባዔው የሚሰፍረውን ዓረፍተ ነገር አሁኑኑ ይጻፉት፣ ያልታወቀውን ብቻ ክፍት ይተዉት። ለምሳሌ «ጉባዔው ሁለተኛ ፓምፕ ከ______ ሒሳብ እንዲገዛ ወሰነ / አልተቀበለም»። ዓረፍተ ነገሩ «ጉባዔው ወሰነ» ብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ አጀንዳ ነው። «ጉባዔው አዳመጠ» ብቻ ከሆነ ሪፖርት ነውና አጭር ደቂቃ ይበቃዋል። «ኮሚቴው እንዲያየው ተባለ» ከሆነ ግን ለጉባዔ መቅረብ የለበትም፤ ኮሚቴው ዛሬውኑ ሊያየው ይችላል። ምንም ዓረፍተ ነገር አልጻፍልህ ካለ፣ ወይ ጉዳዩ ገና አልበሰለም ወይ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ነው።

የእናንተን ቁራጮች በዚህ ስናይ የደረጃው መብራት ይወጣል፤ አምፖል መቀየር የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን ነውና እስከ እሑድ ተገዝቶ ቢገጠም ከማንኛውም ክርክር ይሻላል። የልጆቹ ኳስም ይወጣል፤ ኮሚቴው ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሮ ይጨርሰው። መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ አይሁን። በሒሳብ ሪፖርቱ ውስጥ «ይህን ያህል ቤት፣ ይህን ያህል ብር አለበት» ተብሎ በድምሩ ይገለጽ። ስም መነበብ ከጀመረ የተጠራው ሁሉ መልስ ይሰጣል፣ የሒሳቡ ጊዜም በዚያው ያልቃል። የስም ዝርዝሩ በኮሚቴው እጅ ይቆይ።

ውኃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ችግራችሁ እዚያ ስለሆነ። ማስታወሻው ውስጥ ስለ ውኃ ያለው ሁሉ ቢቆራረጥ ምናልባት አምስት ቁራጭ ይሆናል፦ ፓምፑ በተደጋጋሚ መቃጠሉ፣ አራተኛ ፎቅ ውኃ አለመድረሱ፣ የሮቶው ማፍሰስ፣ ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ቫልቭ የሚከፍተው ሰው፣ ለጥገና የወጣው ገንዘብ። ከእነዚህ ጉባዔው ብቻ ሊወስነው የሚችለው አንድ ነው፤ ከተጠራቀመው ገንዘብ ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛ ወይስ ያለው ይጠገን? የአራተኛ ፎቁ ችግር ለዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነውና አቅራቢው በማብራሪያው ያካትተው። ሮቶው ኮሚቴው የሚያስጠግነው ነው። ቫልቩ የተራ ሰሌዳ ጉዳይ ስለሆነ ሰሌዳው ተጽፎ በየመግቢያው ይለጠፍ። የወጣው ገንዘብ ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር ይሄዳል። በአጀንዳው ላይም «ውኃ» ወይም «የፓምፕ ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ። «ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛ ወይስ ያለው ይጠገን?» ብላችሁ በጥያቄ ጻፉት። ርዕሱ ጥያቄ ሲሆን ሰብሳቢው ተናጋሪውን «ይገዛ ነው የሚሉት ወይስ ይጠገን?» ብሎ ሳያስቀይም ወደ መስመሩ ይመልሰዋል።

ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አንዱ ጉዳይ ለሌላው የሚሰጠው መረጃ ነው። ፓምፑም የጥበቃ ደመወዙም ከአንድ ካዝና ስለሚወጡ ካዝናው ውስጥ ስንት እንዳለ ሳይሰማ ስለ ሁለቱም መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ሒሳቡ ይቅደም፣ የቁጥጥር ኮሚቴው አስተያየት ወዲያው ይከተለው። ሁለቱ ከተራራቁ ሕዝቡ በገንዘብ ያዧ ሪፖርት ላይ ይከራከርና ቁጥጥሩ ሲናገር ያው ክርክር እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚያ ፓምፑ ይምጣ፤ አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው። የጥበቃው ጭማሪ ግን በየወሩ ይደጋገማልና ፓምፑ ከተወሰነ በኋላ የቀረውን እያዩ ቢነጋገሩበት ይሻላል። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ሠርታችሁ ቅረቡ። ለምሳሌ 4 ጥበቃዎች ካሏችሁና ለእያንዳንዳቸው 500 ብር ይጨመር ከተባለ በወር 2,000 ብር ነው፤ ለ80 ቤት ሲካፈል በቤት 25 ብር ይደርሳል። የቃለ ጉባዔው ዓረፍተ ነገርም ሁለቱንም ይያዝ፦ «የጥበቃ ደመወዝ በ______ ብር እንዲጨመርና ወርኃዊ መዋጮ በ______ ብር ከፍ እንዲል»። ጭማሪው ብቻ ተወስኖ ምንጩ ከቀረ ጉዳዩ በሁለተኛው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ምርጫን መጨረሻ ላይ ማድረግ በብዙ ማህበር የተለመደ ነው፣ ለእናንተ ግን አልመክርም። ሰው የሚያሳስበው ነገር ሲያልቅ አንድ በአንድ ይወጣል፣ እሑድ እኩለ ቀን አካባቢ ደግሞ ይብሳል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ምልዓተ ጉባዔ ከግማሽ በላይ ነው የሚል ከሆነ ከ80 አባል ቢያንስ 41 መኖር አለበት። 45 ሰው ይዛችሁ ጀምራችሁ አምስቱ ከወጡ ምርጫው ሊሻር የሚችል ምርጫ ይሆናል። ድምፅ የሚሰጥበት ሁሉ ከ5:35 በፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ባይወሰን የማይጎዳው ይግባ።

ደቂቃ ሲመድቡ በጉዳዩ ክብደት ብቻ አይገምቱ። ለእያንዳንዱ ርዕስ ሦስት ነገር ይደምሩ፦ አቅራቢው የሚናገርበት፣ የተናጋሪዎች ብዛት በ2 ደቂቃ ተባዝቶ፣ ድምፅ የሚሰጥበትና ውሳኔው በቃል የሚነበብበት። ለፓምፑ 6 ደቂቃ ማብራሪያ፣ ለ7 ተናጋሪ 14 ደቂቃ፣ ለድምፅና ለውሳኔ 5 ደቂቃ፤ በድምሩ 25። ለጥበቃው 5 ማብራሪያ፣ ለ5 ተናጋሪ 10፣ ለውሳኔ 5፤ በድምሩ 20። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ከ40 በላይ ሰው እጅ አውጥቶ ሲቆጠር፣ የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ እየተባለ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል። ይህ ካልታሰበ ከእያንዳንዱ ርዕስ የሚያፈተልከው ደቂቃ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ያለውን ርዕስ ይውጠዋል።

ለምርጫው አስመራጭ መሰየም 3፣ ጥቆማ 4፣ አራት ዕጩ ቢኖር በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል እየተቆጠረ 6፣ ውጤት መግለጽ 2፤ 15 ይሆናል። ድምፁ በምስጢር በወረቀት ከሆነ ቆጠራው ብቻውን ይረዝማል። በዚያ ጊዜ አስመራጮቹ ወደ ጥግ ሄደው ይቁጠሩ፣ ጉባዔው ቀጣዩን ርዕስ ይያዝ። የቆሻሻው ቦታ ከምርጫው ቀጥሎ የገባው ለዚህም ይመቻል።

እንግዲህ ሲጠናቀቅ እንዲህ ይሆናል። ሁለት ኮሚቴ አባል ይመረጣል ብዬ ገምቻለሁ፤ ቁጥሩን እንደ ደንባችሁ አስተካክሉት።

| ተ.ቁ | ሰዓት | ርዕስ | አቅራቢ | ደቂቃ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 4:00–4:08 | መክፈቻ፣ ምልዓተ ጉባዔ ማረጋገጥ፣ አጀንዳ ማጽደቅ | ሰብሳቢ | 8 |
| 2 | 4:08–4:15 | ካለፈው ጉባዔ ውሳኔዎች የተፈጸመውና ያልተፈጸመው (ሪፖርት) | ጸሐፊ | 7 |
| 3 | 4:15–4:35 | የሒሳብ ሪፖርቱና የቁጥጥር ኮሚቴው አስተያየት ይጽደቅ? | ገንዘብ ያዥ 7፣ ቁጥጥር ኮሚቴ 5፣ ጥያቄና ውሳኔ 8 | 20 |
| 4 | 4:35–5:00 | ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛ ወይስ ያለው ይጠገን? | የጥገና ኃላፊ | 25 |
| 5 | 5:00–5:20 | የጥበቃ ደመወዝ ይጨመር? መዋጮውስ በስንት? | ጥበቃን የሚከታተል የኮሚቴ አባል | 20 |
| 6 | 5:20–5:35 | የሁለት ኮሚቴ አባላት ማሟያ ምርጫ | አስመራጭ | 15 |
| 7 | 5:35–5:43 | የቆሻሻ ማስቀመጫው ቦታ የት ይሁን? | ጽዳትን የሚከታተል የኮሚቴ አባል | 8 |
| – | 5:43–5:55 | መጠባበቂያ | – | 12 |
| 8 | 5:55–6:00 | የተወሰኑትን ማንበብ፣ መዝጊያ | ጸሐፊ | 5 |

ሲደመር 120 ደቂቃ ነው። የደቂቃው ዓምድ ድምር ከአዳራሹ ሰዓት ጋር ካልገጠመ ሰንጠረዡን ለማንም አይላኩ። «ልዩ ልዩ» የሚል ርዕስ እንደሌለ አያችሁ፤ አውቄ ነው ያልጨመርኩት። በልዩ ልዩ ሥር ማንም ያልተዘጋጀበት ነገር ይነሳል፣ ግማሹ ሰው ከወጣ በኋላ ውሳኔ ይሰጣል፣ ያልነበሩትም በኋላ አንቀበልም ይላሉ። አዲስ ርዕስ ያለው ሰው 4:00 ላይ አጀንዳው ሲጸድቅ ያንሳ። ጉባዔው ከተቀበለው ጊዜው ከመጠባበቂያው 12 ደቂቃ ይወሰድ፤ ካልበቃው ደግሞ የትኛው ርዕስ እንደሚወጣ ያኔውኑ ይወሰን።

ከላይ በአቅራቢው ዓምድ ኃላፊነቱን ብቻ የጻፍኩት ሰዎቻችሁን ስለማላውቅ ነው። እናንተ የሰውየውን ስም ጻፉ። «ኮሚቴው» የሚል አቅራቢ ማለት አቅራቢ የለም ማለት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ። ለእያንዳንዱ አቅራቢ ተተኪ ይኑረው፣ በተለይ ለሒሳቡ፣ እሱ ከቀረ 4ኛውና 5ኛው ርዕስም አብረው ይቆማሉና። ለአቅራቢዎቹ አጀንዳውን ስትልኩ የተመደበላቸውን የንግግር ደቂቃ ለይታችሁ ንገሯቸው። ገንዘብ ያዧ «20 ደቂቃ» የሚለውን ብቻ ካየች 20ውንም ልትናገርበት ትዘጋጃለች። ለ7 ደቂቃ የሚበቃው አምስት ቁጥር ነው፦ የዞረው ሒሳብ፣ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ያልተሰበሰበው። ዝርዝሩ በወረቀት ተባዝቶ በር ላይ ይታደል። የጥገና ኃላፊውም ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋቸውን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ያምጣ። ፕሮፎርማው እስከ ሐሙስ ካልደረሰ ርዕሱ አልበሰለም፤ ዋጋ የሌለው የፓምፕ ውይይት ደግሞ «ኮሚቴው አጥንቶ ይቅረብ» ተብሎ ማለቁ አይቀርም። የጥበቃውን ጉዳይ ጥበቃዎቹ ራሳቸው ያስረዱ የሚል ሐሳብ ቢመጣ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ይስጡና የኮሚቴው አባል ያንብብላቸው፤ ሰው በእነሱ ፊት ስለ ደመወዛቸው በነፃነት አይናገርም።

ዘግይቶ መጀመርን አስቀድማችሁ አስሉ። ቅዳሴ ቆይቶ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ የጥሪው ወረቀት ላይ «ምዝገባ 3:30፣ ስብሰባ 4:00» ብላችሁ ለዩት። ፊርማው በር ላይ ይሰብሰብ፣ ቆጠራውም 4:00 ላይ ያለቀ ይሁን። ያም ሆኖ ምልዓተ ጉባዔው 4:25 ላይ ቢሞላ 25 ደቂቃ ከየት ይመጣል? መልሱ በሰብሳቢው ወረቀት ላይ ከአሁኑ ይጻፍ፦ 12ቱ ከመጠባበቂያው፣ 8ቱ ከ7ኛው ርዕስ (ወደሚቀጥለው ይተላለፋል)፣ 5ቱ ከ2ኛው (ሪፖርቱ በወረቀት ስለታደለ ጸሐፊው ያልተፈጸመውን ብቻ ይናገራል)። ከዚያም ከዘገየ ምርጫው ወይም ደመወዙ መነካቱ ስለማይቀር የትኛው እንደሚተላለፍ አጀንዳው ሲጸድቅ ጉባዔው ራሱ ይምረጥ። ከሁሉም ርዕስ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን አንዱም ርዕስ ሳይወሰን መበተን ነው። ምልዓተ ጉባዔው ጭራሽ ካልሞላ የሁለተኛ ጥሪ አሠራሩን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ተመልከቱ።

ሰንጠረዡን በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ከሠራችሁት ሰዓቱን በእጅ አትጻፉ፤ አንድ ርዕስ ላይ 5 ደቂቃ ስትቀይሩ የታችኛው ሁሉ ይዛባል። የመጀመሪያውን መነሻ ሰዓት B2 ላይ፣ ደቂቃዎቹን በE ዓምድ ላይ አስገቡና B3 ላይ ይህን ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=B2+E2/1440
```

1440 በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። የB ዓምድ አቀማመጥ h:mm ይሁን። የጠዋት ስብሰባ ላይ በእኛ ሰዓት 4:00 ብላችሁ ብትጽፉ ያለ ችግር ይሠራል። ስብሰባው 12 ሰዓትን ከተሻገረ ግን ፕሮግራሙ 1:10 በማለት ፈንታ 13:10 ብሎ ያሳያል፤ የማታ ስብሰባ ሲኖራችሁ እነዚያን በእጅ አስተካክሉ። በስልክ ማስታወሻ ስትሞሉ ደግሞ ከጠዋቱ 4:00 ማለት በስልኩ አቆጣጠር 10:00 AM እንደሆነ አትርሱ። በቡድኑ ውስጥ ስትለጥፉም ባዶ «4:00» አይበቃም፣ «ከጠዋቱ 4:00» ይባል። ውጭ አገር ሆነው ቤታቸውን በተወካይ የሚያስተዳድሩ አባላት ካሉ ሁለቱንም ጻፉላቸው።

በመጨረሻ ሁለት ቅጂ አውጡ። ለሕዝቡ የሚለጠፈው ከላይ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ በትልቅ ፊደል በአንድ ገጽ ይታተም፣ በየመግቢያው ይለጠፍ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ለጥሪ የሚያዘውን ቀን ይጠብቅ። የሰብሳቢው ቅጂ ግን በየርዕሱ ውስጥ ያለውን መቁረጫ ሰዓትም ይይዛል። ለፓምፑ «4:41 ማብራሪያ ያበቃል፣ 4:55 ንግግር ይዘጋል፣ 5:00 ውሳኔ ይነበባል»። ለጥበቃው «5:05፣ 5:15፣ 5:20»። ከፊት ወንበር አንድ ሰዓት ጠባቂ ተቀምጦ ተናጋሪው አንድ ደቂቃ ሲቀረው ካርድ ያሳይ፤ ሰብሳቢው ሰዓትም ተናጋሪም ለብቻው መቆጣጠር አይችልም። ክርክሩ 4:55 ላይ ካልበሰለ ሰብሳቢው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከመጠባበቂያው 6 ደቂቃ ልጨምር ወይስ አሁን ድምፅ እንስጥ?» ጉባዔው ጨምር ካለ ያን ጊዜ ጸሐፊው ከ12 ላይ 6 ቀንሶ የቀረውን በወረቀቱ ጠርዝ ይጻፍ፤ የጥበቃው ርዕስ ሲደርስ ምን ያህል እንደቀረ ሰብሳቢው ከዚያ ያያል።